ጭነት፣ ኢንሹራንስና ቀረጥ ወደ ዕቃው ዋጋ እንዴት ይገባሉ?

«ጋሼ፣ በአካውንቲንግ ተመርቄ አዳማ ውስጥ ሥራ እየፈለግኩ ነው። አንድ የውሃ ዕቃዎች አስመጪ ለፈተና ጠርቶኛል። እዚያ የሠራች ጓደኛዬ የማጓጓዣ፣ የኢንሹራንስና የቀረጥ ደረሰኝ ሰጥተው የአንዱን ዕቃ ዋጋ አውጪ ይላሉ አለችኝ። እኔ የማውቀው ሁሉንም ደምሬ በግዢ ዋጋቸው ልክ ማከፋፈል ነው። ይበቃል?»

አይበቃም። መደመሩን ማንም ይችላል። የሚፈትኑሽ ማከፋፈሉ ላይ ነው።

ከዚያ በፊት ግን ደረሰኞቹን ለዪ። ስለ ዕቃ ክምችት የሚደነግገው ዓለም አቀፍ የሒሳብ መስፈርት አይኤኤስ 2 የሚለው ግልጽ ነው፦ የግዢ ዋጋ፣ የማይመለስ ቀረጥና ታክስ፣ ማጓጓዣና ዕቃውን እስከ መጋዘን ለማድረስ በቀጥታ የወጣ ወጪ ወደ ዕቃው ዋጋ ይገባል። «የማይመለስ» የምትለዋ ቃል ላይ ብዙ ተፈታኝ ይወድቃል። የጉምሩክ ዲክላራሲዮን ላይ ቀረጥ፣ ሱር ታክስና ቫት አብረው ተደርድረው ታገኛለሽ። ቀረጡና ሱር ታክሱ ወደ ዕቃው ይገባሉ። 15 በመቶው ቫት ግን ድርጅቱ ለቫት የተመዘገበ ከሆነ ተመላሽ ወይም ተቀናሽ ነውና ከዕቃው ዋጋ ውጭ፣ ለብቻው ይያዛል። ካልተመዘገበ ወጪው እዚያው ስለሚቀር ወደ ዕቃው ይገባል። ስለዚህ ፈተናው ላይ ካልተጻፈ ድርጅቱ የቫት ተመዝጋቢ መሆኑን ጠይቂ።

የአቅራቢውን ፋክቱርም በደንብ እዪው። ሽያጩ በኤፍኦቢ ከሆነ የባሕር ጭነቱ ለብቻው ይመጣል። በሲኤፍአር ከሆነ የባሕር ጭነቱ ፋክቱሩ ውስጥ አለ። ከመርከብ ድርጅቱ ወረቀት ላይ ደግመሽ ከደመርሽው ሁለቴ ተቆጠረ ማለት ነው።

አሁን ወደ ምሳሌው እንሂድ። ቁጥሮቹ የእኔ ናቸው። በአንድ ጭነት 100 የውሃ ፓምፕና 400 ጥቅል የፕላስቲክ ቱቦ ገባ እንበል። የግዢ ዋጋቸው ፓምፑ 600,000፣ ቱቦው 400,000 ብር ነው። ከጅቡቲ በሞጆ ደረቅ ወደብ አድርጎ አዳማ መጋዘን እስኪደርስ ያለው ጭነት በሙሉ 120,000፣ ኢንሹራንሱ 10,000 ብር ሆነ። ዲክላራሲዮኑ ላይ ደግሞ ለፓምፑ 34,000፣ ለቱቦው 96,000 ብር ቀረጥ አለ።

ኢንሹራንስ የሚከፈለው በንብረቱ ዋጋ ነው። ስለዚህ በዋጋ ይከፋፈል፦ 6,000 ለፓምፑ፣ 4,000 ለቱቦው። ጭነት ግን የሚከፈለው በክብደት ወይም በያዘው ቦታ ነው። ፓምፑ 2 ቶን፣ ቱቦው 4 ቶን ከመዘነ 40,000 ለፓምፑ፣ 80,000 ለቱቦው ይሆናል። ቀረጡን ማከፋፈል አያስፈልግም። ጉምሩክ በየዕቃው አስልቶልሻልና እንዳለ ውሰጂው። ፓምፑ 680,000 ሆነ፣ አንዱ 6,800 ብር። ቱቦው 580,000 ሆነ፣ አንዱ ጥቅል 1,450 ብር።

አንቺ ባልሽው መንገድ ብትሄጂስ? 260,000 ብሩ በሙሉ በግዢ ዋጋ ሲከፋፈል አንዱ ፓምፕ 7,560፣ አንዱ ጥቅል ቱቦ 1,260 ብር ይሆናል። ድምሩ በሁለቱም መንገድ 1,260,000 ስለሆነ መዝገቡ ይታረቃል፣ ማንም ስህተቱን አያይም። ሻጩ ግን ቱቦውን በ1,400 ብር እየሸጠ 140 ብር ያተረፈ ይመስለዋል፤ በእውነቱ በእያንዳንዱ ጥቅል 50 ብር እየከሰረ ነው። ፓምፑ ደግሞ ከገበያው ተወዶ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። «ቱቦው እንደ ጉድ ይሸጣል፣ ፓምፑ አይንቀሳቀስም» የሚባልበት መጋዘን ካጋጠመሽ መጀመሪያ ማከፋፈያውን ፈትሺ።

ጥሩ ፈታኝ ከሆነ አንድ ጥያቄ ይጨምርልሻል፦ የጭነት ደረሰኙ ዕቃው ግማሹ ከተሸጠ በኋላ ቢመጣስ? መልሱ፣ ደረሰኝ አልመጣም ብለሽ ዕቃውን ያለ ጭነት አትመዘግቢም። ዕቃው ሲገባ በግምት ትይዢና ሌላውን ጎን ደረሰኝ ያልደረሰው ተከፋይ ላይ ታደርጊያለሽ። ለቱቦው 80,000 ገምተሽ 100,000 መጣ እንበል። ልዩነቱ በአንድ ጥቅል 50 ብር ነው። 300 ጥቅል ተሸጦ ከነበረ 15,000ው ወደ ተሸጠ ዕቃ ዋጋ ይሄዳል፣ 5,000ው ብቻ ቀሪው 100 ጥቅል ላይ ይጨመራል። 20,000ውን በሙሉ ቀሪው ላይ ከጫንሽው አንዱ ጥቅል 1,650 ይሆናል፣ ትክክለኛው ግን 1,500 ነው።

ከደረሰኞቹ መሃል የዲመሬጅ ክፍያ ሊሸጉጡብሽ ይችላሉ። ወረቀት ስለዘገየ ኮንቴይነሩ ወደብ ላይ ቆሞ የመጣ ክፍያ ነው። ዕቃውን አዳማ ለማድረስ የግድ የሚወጣ ወጪ ስላልሆነ ወደ ዕቃው ዋጋ አይገባም፣ የወሩ ወጪ ነው። ዕቃው ለሽያጭ ተዘጋጅቶ ከተቀመጠ በኋላ ያለው የመጋዘን ኪራይም እንደዚያው።