አሰልጣኝም ለሚፈልግ ትምህርት ቤት የሚጻፍ ማመልከቻ

ሰሞኑን በሰውነት ማጎልመሻ መምህርነት የተመረቀች አንዲት ወጣት የመጀመሪያ ማመልከቻዋን ልትጽፍ ስትቀመጥ አንድ ጥያቄ ላከችልኝ። ማስታወቂያው መምህር እንደሚፈለግ ይገልጽና «የትምህርት ቤቱን የመረብ ኳስ ቡድን ማሰልጠን የሚችል» የሚል ሐረግ ይጨምራል። «ቡድን አሰልጥኜ አላውቅም፤ የተጫወትኩበትን ዘመን ዘርዘር አድርጌ ብጽፍ ይሻላል?» ትላለች። በሁለት መስመር ልመልስላት እችል ነበር። ነገር ግን ጥያቄዋ ለብዙ ዓመታት ሲቆጨኝ የኖረ አንድ ደብዳቤ ስላስታወሰኝ፣ ለእሷ ብቻ ሳይሆን በዚሁ መንገድ ላይ ላላችሁ ሁሉ ልጽፍ ወሰንኩ።

በአንድ ትምህርት ቤት የስፖርት ክፍል ኃላፊ በነበርኩበት ጊዜ ልክ እንደዚህ ያለ ማስታወቂያ አውጥተን ነበር። ከመጡት ማመልከቻዎች መካከል አንዱ ገና የተመረቀ ወጣት የጻፈው ነው። ደብዳቤው ንጹሕ ነበር፤ የቋንቋ ግድፈት አልነበረበትም። የመጀመሪያው አንቀጽ ከታዳጊ ቡድን ጀምሮ የተጫወተባቸውን ክለቦች ይዘረዝራል። ሁለተኛው አምበል ሆኖ ስላነሳው ዋንጫ ይተርካል። ሦስተኛው ትምህርት ቤቱን በአጭር ጊዜ ውስጥ ሻምፒዮን እንደሚያደርግ ቃል ይገባል። ስለ ማስተማር የጻፈው በመጨረሻው መስመር ላይ ብቻ ነው፤ «የተግባር ልምምዴን በጥሩ ውጤት አጠናቅቄአለሁ» ይላል። ርዕሰ መምህሯ አንብበው ሲጨርሱ መነጽራቸውን አወለቁና «ይህ ልጅ ተጫዋች ነው፤ እኔ የምፈልገው መምህር ነው» ብለው ወረቀቱን ከሌሎቹ ለይተው አስቀመጡት። ልከራከርለት ፈልጌ ደብዳቤውን ደግሜ አነበብኩት። የምይዘው ነገር አጣሁ።

ርዕሰ መምህሯ ያለ ምክንያት አልጨከኑም። ከዚያ በፊት የነበረው መምህር ቡድኑን በሚገባ ያሰለጥን ነበር፤ ውጤትም አምጥቷል። በክፍለ ጊዜው ግን ኳሱን ለተማሪዎቹ ይወረውርላቸውና ጥላ ሥር ተቀምጦ የቅዳሜውን አሰላለፍ ይነድፋል። ጎበዞቹ ይጫወታሉ፤ የቀሩት ግድግዳ ተደግፈው ያወራሉ። ይህ በሙያችን የታወቀ ችግር ነው። የቡድን ውጤት በሁሉም ፊት ይታያል፤ በክፍለ ጊዜ ውስጥ የሚሠራውን ግን ከተማሪዎቹ በቀር የሚያየው የለም። ስለዚህ ሁለቱን ሥራ ደርቦ የያዘ ሰው፣ ሳያስበውም ቢሆን፣ ጉልበቱን ወደሚታየው ያደላል። አሰልጣኝ ጭምር የሚፈልግ ርዕሰ መምህር ማመልከቻችሁን የሚያነበው ይህን ስጋት ይዞ ነው። ማስታወቂያው ላይ አይጽፈውም፤ የሚፈልገው ግን ለዚህ ስጋት መልስ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ለአንድ ሥልጠና በሄድኩበት ሌላ ትምህርት ቤት ያንን ወጣት ሲያስተምር አየሁት። ስሙን ሲነግሩኝ ነው ያወቅሁት። 48 ተማሪዎችና አራት ኳሶች ነበሩት፤ ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ ነው። አብዛኛው ጀማሪ መምህር በዚህ ጊዜ የሚያደርገውን አውቃለሁ፤ ለእያንዳንዱ ኳስ አሥራ ሁለት ልጆችን ያሰልፋል። አንዱ ልጅ ኳሱን ለመቀበልና ለመመለስ አሥር ሰከንድ ከፈጀ፣ ለእያንዳንዱ ተራው የሚደርሰው በሁለት ደቂቃ አንድ ጊዜ ነው። የቀረውን ጊዜ ቆሞ ይጠብቃል፤ የሚጠብቅ ልጅ ደግሞ ወይ ይረብሻል ወይ ይሰለቻል።

እሱ እንዲህ አላደረገም። በሜዳው ላይ አንድ ረጅም ገመድ ከዳር እስከ ዳር ወጥሮ፣ ከገመዱ ግራና ቀኝ መሬቱን በኖራ ከፋፍሎ አራት ትንንሽ ሜዳዎች አበጀ። ተማሪዎቹን በስድስት በስድስት ስምንት ቦታ መደባቸው። አራቱ ምድቦች ሦስት ለሦስት ሆነው በኳስ ይጫወታሉ። ከቀሩት አራቱ፣ ሁለቱ የዝላይና የእግር ፍጥነት ልምምድ ይሠራሉ፤ ሁለቱ ደግሞ ወረቀትና እርሳስ ይዘው ጓደኞቻቸውን ይመለከታሉ። በወረቀቱ ላይ ሦስት ጥያቄዎች ብቻ አሉ፦ ጉልበቱን አጠፈ? ክንዶቹን አጋጠመ? ኳሱ ከመድረሱ በፊት ቦታውን ያዘ? በየስድስት ደቂቃው ቦታ ይለዋወጣሉ። አምስት ደቂቃ ለመሰባሰብና ስም ለመጥራት፣ ስድስት ለማሟሟቂያ፣ ሃያ አራት ለዋናው ሥራ፣ አምስት ሰውነትን ለማብረድና ለጥያቄ። በአንድ ክፍለ ጊዜ እያንዳንዱ ልጅ አሥራ ሁለት ደቂቃ ሙሉ ኳስ ይጫወታል። ጉልበቷን የተጎዳች አንዲት ልጅ ነበረች፤ ከተመልካቾቹ ጋር ተቀምጣ ወረቀቱን ስትሞላ፣ አንደኛውን ጓደኛዋን ጠርታ «ክንድህን ዘግይተህ ነው የምታጋጥመው» ስትለው ሰማኋት። ሳትጫወት ትምህርቱን ተምራለች ማለት ነው።

ከክፍለ ጊዜው በኋላ ይህን አሠራር የት እንደተማረ ጠየቅሁት። በተግባር ልምምዱ ወቅት ራሱ ያወጣው እንደሆነ፣ ተቆጣጣሪ መምህሩም ወድደውለት እንደነበር ነገረኝ። ማመልከቻ በላከልን ጊዜ ይህን ሁሉ ያውቅ ነበር! ደብዳቤው ውስጥ አንድ መስመር እንኳ አልገባም። ለምን አልጻፍከውም አልኩት። «የምትፈልጉት አሰልጣኝ መስሎኝ ነበር» አለኝ። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ይህ ነው። በእኛ ትምህርት ቤት ሊማሩ ይችሉ የነበሩትን ልጆች አስባለሁ።

እንግዲህ ያንን ደብዳቤ ዛሬ ቢጽፈው እንዴት ሊጽፈው ይገባ እንደነበር ልናገር። ከአንድ ገጽ አይበልጥም። የመጀመሪያው አንቀጽ የሥራ መደቡን በስሙ ይጠራል፤ ሁለቱንም ኃላፊነት፣ ማለትም መምህርነቱንና የመረብ ኳስ ቡድኑን፣ አንድ ላይ ያነሳል፤ ቅደም ተከተሉ ግን መምህርነት መጀመሪያ ነው። ሁለተኛው አንቀጽ ትልቁ ነው፤ አንድ ክፍለ ጊዜ ብቻ ይገልጻል። «በተግባር ልምምዴ 48 ተማሪዎችን በአራት ኳስ አስተምር ነበር። ተማሪዎቹ ተሰልፈው ተራ እንዳይጠብቁ በስምንት ምድብ ከፍዬ፣ በየስድስት ደቂቃው እያዘዋወርኩ፣ መጫወት የማይችሉትም የጓደኞቻቸውን እንቅስቃሴ እየመዘገቡ እንዲሳተፉ አድርጌአለሁ» ብሎ ቢጽፍ ርዕሰ መምህሯ መነጽራቸውን አያወልቁም ነበር። «ተማሪዎችን እወዳለሁ»፣ «ታታሪ ነኝ» የሚሉትን ሁሉም ይጽፋቸዋል፤ ኮሚቴውም አልፏቸው ይሄዳል። ቁጥሩና ገመዱ ግን ሜዳ ላይ የቆመ ሰው ብቻ የሚጽፈው ነው።

ሦስተኛው አንቀጽ ስለ ቡድኑ ነው፤ ወጣቶች የሚሳሳቱትም እዚህ ላይ ነው። ለጠየቀችኝ ልጅም መልሴ ይኸው ነው፦ ያላደረግሽውን አደረግሁ አትበይ፤ የምታደርጊውን ግን በልኩ ጻፊ። «ዋና አሰልጣኝ ሆኜ አልሠራሁም፤ በዩኒቨርሲቲ ለመረብ ኳስ ቡድን በረዳትነት ልምምድ መርቻለሁ፣ በክፍሎች መካከል የተደረጉ ጨዋታዎችንም ዳኝቻለሁ» የሚል እውነተኛ ዓረፍተ ነገር ከሻምፒዮንነት ተስፋ ይበልጣል፤ እርግጥ ይህን ሠርተሽ ከሆነ ነው። ከዚያ ዕቅዱ ይከተላል። አንድ ቡድን፣ በሳምንት ሦስት ቀን፣ ከትምህርት ሰዓት በኋላ፣ በየቀኑ ከአንድ ሰዓት ተኩል ያልበለጠ ልምምድ። የቡድን ምርጫው በአንድ ቀን አይጠናቀቅም፤ ልጆች በመጀመሪያው ቀን ይደነግጣሉና ቢያንስ በሁለት የተለያዩ ቀናት መታየት አለባቸው። ያልተመረጡት የሚጫወቱበት የክፍሎች ውድድር እንደምታዘጋጁ ጥቀሱ፤ መምህርነታችሁን ከአሰልጣኝነታችሁ ጋር የሚያገናኘው እሱ ነው። በፈተና ሳምንት ልምምዱ እንደሚቀንስ ጻፉ። የጭንቅላት ጉዳት የተጠረጠረበት ተጫዋች በዚያው ቀን ወደ ሜዳ እንደማይመለስ፣ ለመመለስም የሐኪም ፈቃድ እንደሚያስፈልገው አንድ መስመር ጨምሩ። የልጆች ደኅንነት በእጃችሁ እንደሚሆን የተረዳችሁ መሆኑን ኮሚቴው ከዚህች መስመር ያውቃል።

ሁለትና ሦስት ስፖርት እንደምታሰለጥኑ አትጻፉ። የመጀመሪያ ዓመት መምህር ገና የትምህርት ዕቅድ ሲያዘጋጅ ያመሻል፤ ቅዳሜም ግጥሚያ አለው። ሁሉን እችላለሁ የሚል አዲስ መምህር ኮሚቴውን አያስደስትም፤ በዓመቱ አጋማሽ የሚለቅ ሰው አድርገው ያዩታል። እንዲያውም ከመጻፋችሁ በፊት ትምህርት ቤቱን ጠይቁ፤ ቡድኑ የወንዶች ነው የሴቶች፣ ዕድሜያቸው ስንት ነው፣ ስንት ኳስና ምን ዓይነት ሜዳ አለ። መልሱን ይዞ የተጻፈ ዕቅድ ከሩቅ ይለያል።

የዛሬ ወጣቶች ከእኛ ዘመን ይልቅ ድፍረት አላችሁ፤ ለማናውቀው ሰው ጥያቄ መጻፍ እኛ አናስበውም ነበር። ይህን እወድላችኋለሁ። የማልወደው አንድ ደብዳቤ ጽፎ ለሃያ ትምህርት ቤት መበተኑን ነው። የሌላ ትምህርት ቤት ስም ያለበት ማመልከቻ ደርሶኝ ያውቃል፤ ላኪው በሌላ በኩል ብርቱ ሰው ሊሆን ይችላል፤ ግን ያንን ደብዳቤ ይዤ ለማን ልሟገትለት?

ከላይ የተጫዋችነት ታሪክ አያስፈልግም ያልኩ መስሎ ከታያችሁ ጥቂት ላስተካክለው። አብሮኝ የሠራ አንድ አንጋፋ አሰልጣኝ እጩዎችን ሲጠይቅ ስለ ዋንጫ አያነሳም ነበር። «ተጠባባቂ ሆነህ ታውቃለህ? ያን ጊዜ አሰልጣኝህ ምን ይልህ ነበር?» ይላቸዋል። የሚሰጡት መልስ ስለ ሰውየው ብዙ ይነግረው ነበር። ስለዚህ ከተጫዋችነታችሁ አንድ ነገር መጻፍ ካለባችሁ፣ ልጆችን እንዴት እንደምትይዙ የሚያሳየውን ምረጡ። ከጉዳት የተመለሳችሁበትን ጊዜ፣ ታናናሾችን ያሰለፋችሁበትን፣ አምበል ሆናችሁ ጠብ ያበረዳችሁበትን። አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል፤ ክለቦቹ ሲቪው ላይ አሉ።

የመጨረሻው አንቀጽ አጭር ነው፤ ሥራ መጀመር የምትችሉበት ቀን፣ የዲግሪያችሁና የመጀመሪያ ዕርዳታ ሥልጠና ማስረጃ መያያዙ፣ ለናሙና ትምህርት ዝግጁ መሆናችሁ። ይህን የመጨረሻውን ከጻፋችሁ ግን በእርግጥ ተዘጋጁ። በደብዳቤው ላይ የገለጻችሁትን ክፍለ ጊዜ የትምህርት ዕቅድ በወረቀት ይዛችሁ ሂዱ፤ ኮሚቴው ያንኑ አንቀጽ አንስቶ «ዝናብ ቢዘንብና አዳራሽ ባይኖርስ?» ብሎ ሊጠይቃችሁ ይችላልና፣ በመማሪያ ክፍል ውስጥ ወንበሮቹን ገፋ አድርጎ የሚሠራ ሁለተኛ ዕቅድም አብሮ ይኑር።