በሐዘን ቀን የሚወጣ የንግድ ማስታወቂያ፦ ማቆም ወይስ ቃሉን ማስተካከል?

ጥያቄ፦ «በሐዋሳ ፒያሳ አካባቢ የቤት ዕቃ መደብር አለኝ። በ2016 ዓ.ም. ክረምት፣ የጎፋው የመሬት ናዳ በደረሰበት ሰሞን፣ አስቀድመን የከፈልንበት የሬዲዮ ማስታወቂያ በሐዘኑ ቀናት ሳይቋረጥ ተላለፈና ብዙ ደንበኛ ተቀየመን። ልጄ ደግሞ በዋጋ ቅናሽ ባነራችን ላይ ‹ለተጎጂ ወገኖቻችን በማሰብ› የሚል ቃል ጨምሮበት ነበር። ወደፊት እንዲህ ያለ ጊዜ ቢመጣ ማስታወቂያ ማቆም በሕግ ግዴታዬ ነው ወይ? ካላቆምኩስ እንዴት ብዬ ልጻፍ?»

መልስ፦

ክቡር ጠያቂ፣ ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን የደረሰው ናዳ ከሁለት መቶ በላይ ሰዎችን ገድሎ፣ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን ሲያውጅ እኔም በከተማችን ነበርኩ። በመናኸሪያው አቅራቢያ ያለ አንድ ሱቅ በር ላይ ሞንታርቦ እየጮኸ፣ ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ እናት ጆሯቸውን በእጃቸው ሸፍነው ሲያልፉ አይቻለሁ። ስለዚህ የደንበኞችዎ ቅያሜ ይገባኛል። ሕጉ ግን ከቅያሜው ለየት ያለ ነገር ይናገራል።

ብሔራዊ ሐዘን ሲታወጅ ሰንደቅ ዓላማ ዝቅ ብሎ ይውለበለባል እንጂ፣ አዋጁ ራሱ በግልጽ እስካልከለከለ ድረስ ሱቅ አይዘጋም፣ መሸጥም ሆነ ማስተዋወቅ በዚያ ብቻ ሕገ ወጥ አይሆንም። በመሆኑም መጀመሪያ የታወጀውን ጽሑፍ በሙሉ ያንብቡ፤ የከተማው አስተዳደር ተጨማሪ መመሪያ አውጥቶ እንደሆነም ይጠይቁ። የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 ግን ማስታወቂያ ከአሳሳች መግለጫ የጸዳና የኅብረተሰቡን ማኅበራዊና ባህላዊ እሴት ያከበረ እንዲሆን ያስገድዳል። ከሁለቱ ግዴታዎች በተግባር ነጋዴን ለክስ የሚዳርገው ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው ነው፤ እርስዎም በብርቱ ሊያስቡበት የሚገባው ሬዲዮው ሳይቋረጥ መተላለፉን ሳይሆን ልጅዎ በባነሩ ላይ የጨመረውን ቃል ነው።

«ለተጎጂ ወገኖቻችን በማሰብ» የሚለው ሐረግ ከዋጋ ጎን ሲቀመጥ፣ ያነበበው ሰው ከሚከፍለው ገንዘብ የተወሰነው ለተጎጂዎች ይደርሳል ብሎ ያምናል። እርስዎ ያሰቡት ሐዘንዎን መግለጽ ብቻ ቢሆንም፣ አንድ ማስታወቂያ አሳሳች መሆን አለመሆኑ የሚመዘነው ተራው ገዢ ከቃሉ በሚረዳው እንጂ ነጋዴው በልቡ በያዘው አይደለም። ለተጎጂዎች ምንም ካልተሰጠ መግለጫው አሳሳች ነው። ይባስ ብሎ፣ ሆን ተብሎ ሰውን በማሳሳት ጥቅም ለማግኘት የተደረገ መሆኑ ከተረጋገጠ፣ ጉዳዩ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 692 ወደተደነገገው የአታላይነት ወንጀል ሊሻገር ይችላል። የልጅዎ ነገር እዚያ የሚደርስ አይመስለኝም፤ ይሁንና ባነሩ ዛሬም በመጋዘን ካለ እንደገና እንዳይሰቀል።

በእርግጥ ሊሰጡ ካሰቡ የቃሉ ልክ ይወሰን። አንድ ማቀዝቀዣ 40,000 ብር ዋጋ አለው እንበል፤ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ሲጨመርበት ገዢው የሚከፍለው 46,000 ብር ነው። «ከሽያጩ 5 በመቶ እንለግሳለን» ብለው ከጻፉ፣ እርስዎ 2,000 ብር ያስባሉ፤ ደረሰኙን የያዘው ገዢ ግን 2,300 ብር ያሰላል። ስድሳ ማቀዝቀዣ ቢሸጡ በሁለቱ ስሌቶች መካከል 18,000 ብር ልዩነት ይፈጠራል፤ «ከትርፋችን ማለታችን ነበር» የሚል ሦስተኛ ትርጉም ከመጣ ደግሞ ክርክሩ ይብሳል። አሻሚ ቃል ደግሞ ብዙውን ጊዜ በጻፈው ላይ ስለሚተረጎም፣ እንዲህ ቢጻፍ እመክራለሁ፦ «ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን ከምንሸጠው ከእያንዳንዱ ማቀዝቀዣ፣ ተጨማሪ እሴት ታክስ ከመደመሩ በፊት ካለው ዋጋ 5 በመቶውን መደብራችን ከራሱ ገቢ ይሰጣል።» ከዚህ በታች ተቀባዩ ድርጅት በስሙ ይጠቀስ፤ ለዚህም አስቀድሞ ከተቀባዩ ጋር የጽሑፍ ስምምነት ያስፈልጋል። ዘመቻው ሲያበቃ ገንዘቡ የገባበት የባንክ ደረሰኝ ቅጂ በመደብሩ መስኮት ላይ ይለጠፍ።

ስለ ቅናሹም አንድ ነገር ልበል። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ስለ ዋጋ ቅናሽ አሳሳች መግለጫ መስጠትን ይከለክላል። ያንኑ ማቀዝቀዣ ወሩን ሙሉ በ46,000 ብር ሲሸጡ ከርመው በሐዘኑ ሰሞን «ከ52,000 ወደ 46,000 ብር» ብለው ቢጽፉ፣ ከእርስዎው የሽያጭ መመዝገቢያ ማሽን የወጡት የቀደሙት ደረሰኞች ይመሰክሩብዎታል። ፍራሽና ብርድ ልብስም የሚሸጡ ከሆነ፣ ለተፈናቀሉ ሰዎች ዕርዳታ የሚገዛው ሰው በበዛበት ወቅት መጋዘንዎ ሞልቶ ሳለ «ሳያልቅ ይፍጠኑ» ማለትም ከዚሁ የሚቆጠር ነው።

ወደ ሬዲዮው ልመለስ። ብዙ ደንበኞቼ «ሐዘን ስለታወጀ ከአቅም በላይ የሆነ ኃይል ነው፤ ውሉ ይቀርልኛል» ይሉኛል። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1792 መሠረት ከአቅም በላይ የሆነ ኃይል የሚባለው በተለመደው ሁኔታ ሊታሰብ የማይችልና ግዴታን ከመፈጸም ፈጽሞ የሚያግድ ድርጊት ሲሆን ነው። ጣቢያው ሊያስተላልፍ ዝግጁ ከሆነ፣ እርስዎም መክፈል ከቻሉ የሚያግድ ነገር የለም፤ ማስታወቂያው እንዳይተላለፍ የሚፈልጉት ስለሚያፍሩበት ብቻ ነውና ውሉ እንደ ጸና ይቆያል። ጣቢያው ራሱ ማስታወቂያዎችን ያቋረጠ እንደሆነ ግን ላልተላለፈው ቀን ክፍያ ለምን እንደሚጠየቁ ሊጠይቁት ይገባል። ስለዚህ መፍትሔው ቀጣዩ ውል ሲፈረም ነው፦ «ብሔራዊ ወይም ክልላዊ ሐዘን ከታወጀ አስተዋዋቂው በጽሑፍ ሲጠይቅ ስርጭቱ ተቋርጦ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ከሐዘኑ በኋላ ላሉ እኩል ቀናት ይዛወራል» የሚል አንድ አንቀጽ ይጨመር። ውሉ ውስጥ እንዲህ ያለ ቃል ከሌለ፣ ሐዘን በታወጀበት ዕለት ደብዳቤ ወስደው በሁለተኛው ቅጂ ላይ የጣቢያውን የመረከቢያ ማኅተም ያስመቱ፤ ጣቢያው መስማማት ባይገደድም በስልክ የተነገረ ቃል ግን በኋላ ለማስረዳት አስቸጋሪ ይሆናል።

ፎቶግራፍንም ሳልጠቅስ አላልፍም። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 27 መሠረት የሰው ምስል ያለ ፈቃዱ ለሕዝብ አይቀርብም። በሕዝባዊ ክስተት ላይ የተነሣ ምስልን የሚመለከት ልዩ ሁኔታ በአንቀጽ 28 ቢኖርም፣ በአደጋው ቦታ የሚያለቅሱ ሰዎችን ምስል ከማቀዝቀዣ ዋጋ ጎን ለማተም የሚያበቃ መከላከያ አይመስለኝም። ዝቅ ብሎ የሚውለበለብ ሰንደቅ ዓላማንም ከዋጋ ጋር አያዋህዱ።

እርስዎን ቢሆን እንዲህ አደርጋለሁ፦ በታወጁት ቀናት የሞንታርቦውንና የሬዲዮውን ድምፅ አቆማለሁ፤ ሱቁን አልዘጋም፤ በመስኮቱ ላይ የሐዘን መግለጫ ብቻ፣ ያለ ዋጋ፣ ያለ ስልክ ቁጥር፣ ያለ መደብሩ ዓርማ እለጥፋለሁ። ቅናሹን ከሐዘኑ ቀናት በኋላ፣ ስለ አደጋው አንድም ቃል ሳያነሳ፣ በራሱ ባነር አወጣለሁ። ልገሳውን ደግሞ ከተቀባዩ ድርጅት ጋር የምገባው ስምምነት ተፈርሞ በእጄ ሳይገባ አላስነግርም።