መልስ፦ ወታደር ሲበዛ የሚቆመው ጌም

«የፋሲል ግቢን ካርታ በግሪድ ሠርቼ ጌም እየሞከርኩ ነው። 200 ወታደር አንዴ ሳዝ ቀጥ ይላል። ኤ-ስታር በዩክሊዲያን ሂውሪስቲክ ነው። የጎንደር ልጆች፣ ምን ላድርግ?»

ወንድሜ፣ መጀመሪያ ሂውሪስቲኩን ቀይረው። ወታደሩ በስምንት አቅጣጫ የሚሄድ ከሆነ ዩክሊዲያን ርቀቱን አሳንሶ ስለሚገምት ኤ-ስታር የማያስፈልጉ ሴሎችን ይከፍታል። ቀጥታ እርምጃ 10፣ ሰያፍ 14 ከሆነ ኦክታይል የሚባለው ሂውሪስቲክ ይኸው፤ dx እና dy እስከ መድረሻው ያለው የአግድምና የቁም ርቀት በሴል ነው፣ አሉታዊ አይሁኑ፦

```
h = 10*(dx+dy) - 6*min(dx,dy)
```

ስድስት በአራት ለሚርቅ ሴል 76 ይሰጣል፤ ባዶ ሜዳ ላይ ልክ ዋጋው ነው። ዩክሊዲያን 72 ላይ ይቀራል። ማንሃተን 100 ስለሚል ይፈጥናል፣ ግን አጭሩን መንገድ ሊስት ይችላል።

ዋናው ጣጣህ ግን ግንቡ ይመስለኛል፤ እሱን ኦክታይልም አያየውም። መድረሻው ከግንቡ ጀርባ ሲሆን ፍለጋው በር እስኪያገኝ ግንቡ ሥር ያለውን ሁሉ ያዳርሳል፣ ያውም ለእያንዳንዱ ወታደር እንደ አዲስ። የተከፈቱትን ሴሎች ቀለም ቀብተህ እይ፣ ግንቡን ተከትለው ከተከመሩ ይኸው ነው። ከበር እስከ በር ያሉትን መንገዶች አንዴ አስልተህ አስቀምጥ፤ ወታደሩ በሩ ድረስ ያለውን ብቻ ይፈልግ። በር ሲዘጋ በዚያ የሚያልፉትን መንገዶች ብቻ ሰርዝ። ሲከፈት ግን ሁሉንም እንደገና አስላ፤ የድሮዎቹ አሁንም ያስኬዳሉ፣ አጭር መሆናቸው ግን አይታወቅም።