ቆሞ የቀረ የሕንፃ መሣሪያ ዕቃ እንዴት ይሸጣል?

ጥያቄ፦ «የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ አለኝ። ሲሊኮን፣ ትንንሽ የቀለም ሮለርና የበር ቁልፍ ተከማችተውብኛል። ቅናሽ ብዬ ብለጥፍም የሚጠይቅ የለም። ምን ይሻላል?»

ወንድሜ፣ ርካሽ ስለሆነ ብቻ የበር ቁልፍ የሚገዛ ሰው የለም። ወደ እኛ ሱቅ የሚመጣው ደንበኛ አብዛኛውን ጊዜ ባለሙያው በቁራጭ ወረቀት የጻፈለትን ይዞ ነው። ወረቀቱ ላይ የሌለ ዕቃ በግማሽ ዋጋም አይነሣም። ስለዚህ ሦስቱን በአንድ መንገድ ለማውጣት አትሞክር።

ቅናሹን ለሲሊኮኑ አውለው፤ ጊዜ የሚያልፍበት እርሱ ነው። ቱቦው ላይ ያለውን ቀን እይና የቀረበውን ለይተህ ለአሉሚኒየም በርና መስኮት ሠራተኞች በካርቶን አቅርብ። እነርሱ ወዲያው ይጨርሱታል። ቀኑ ያለፈበትን ግን አትሽጥ። ሌላውንም ከተጠራጠርክ ካርቶን ላይ ትንሽ ጨምቀህ አሳድረው፤ በማግስቱ ጣት ላይ የሚጣበቅ ከሆነ ተበላሽቷል። የማይደርቅ ሲሊኮን የሸጥክለት ባለሙያ ለሌላ ዕቃም አይመለስም።

ሮለሩን ከቀለም ጋር አጣምረው። የብረት በር ለመቀባት የዘይት ቀለም የሚገዛ ሰው ብሩሽ መውሰድ ለምዷል፤ ትንሹ ሮለር ግን ለሰፊው ገጽ ይቀለዋል። አስቀድመህ አንዱን ቲነር ውስጥ ነክረህ ሞክር፣ የሚሟሟ የስፖንጅ ዓይነት አለና። ከዚያ ሮለሩን በጋሎኑ እጀታ ላይ እሰርና የጥቅሉን ዋጋ ጻፍበት። ለምሳሌ ቀለሙ 1,800 ብር፣ ሮለሩ በ150 የገዛኸው ቢሆን፣ ሁለቱን በ1,900 ስጥ። ሮለሩ ላይ 50 ብር ትከስራለህ፣ የቀለሙ ትርፍ ግን ሳይነካ ይቀራል። በቀለሙ ላይ አሥር በመቶ ብትቀንስ የምታጣው 180 ነበር። አንድ ነገር ብቻ በደብተርህ ተከታተል፦ ጥቅሉ በወጣ ቁጥር ለብቻቸው የሚሸጡት ሮለሮች በዚያው ልክ ከቀነሱ፣ ድሮም ሮለር ለሚገዛ ሰው እየቀነስክ ነውና አቁመው።

ለቁልፉ የሚያስፈልገው ቦታ ነው። በተዘጋ ሣጥን ውስጥ፣ ከሻጩ ጀርባ ላይኛው መደርደሪያ ላይ ያለ ቁልፍ ማንም አያየውም። አንዱን በጣውላ ቁራጭ ላይ ግጠምና ደንበኛው በእጁ እንዲያዞረው ባንኮኒው ዳር አቁመው፣ መጠኑንና ዋጋውን ጽፈህ። የሚያዝዘው አናጺው ስለሆነ እርሱ ሲመጣ አሳየው። ማጠፊያና ቡሎንም ከአጠገቡ ይሁኑ።

ዋጋውን ለመቀነስ ግን አትቸኩል። የብር ምንዛሬ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋ ብዙ ተቀይሯል፤ የቆየው ቁልፍህ ላይ የለጠፍከው ዋጋ ዛሬ መርካቶ በጅምላ ከሚሸጥበት በታች ሊሆን ይችላል። መጀመሪያ ለጅምላ ነጋዴው ደውለህ ጠይቅ። እንደዚያ ከሆነ፣ ይህ ቁልፍ በደንብ የሚሄድለት ሌላ ባለሱቅ ፈልገህ ከጅምላው ትንሽ ዝቅ አድርገህ ሽጥለት።