ማግኒዥየም ሰልፌት ከመስጠታችን በፊት አልጋው አጠገብ፦ ጥያቄና መልስ

ከሞጣ፦ ሲስተር፣ የመድኃኒት አሰጣጥ «ራይቶች» አምስት ናቸው ወይስ አሥር?

ሲስተር፦ ለፈተናው አስተማሪሽ ያለሽን ጻፊ። ቀጣይ።

አዋላጅ ከቡሬ፦ ደም ግፊቷ ጨምሮ ላንቀጠቀጣት እናት 4 ግራም በደም ሥር ታዟል። ስንት ሚሊ ልቅዳ?

ሲስተር፦ አምፑሉን ሳታነቢ አትቅጂ። 50 ፐርሰንት ከሆነ 1 ሚሊው ግማሽ ግራም ይይዛል፤ ስለዚህ 8 ሚሊ ትቀጃለሽ። 12 ሚሊ የመርፌ ውሃ ጨምረሽ 20 ሚሊ ስታደርጊው 20 ፐርሰንት ይሆናል፤ ቢያንስ በ5 ደቂቃ ቀስ ብለሽ ስጪ። ሳይበረዝ በፍጥነት ከገባ እስትንፋሷ ሊቆም ይችላል። በጡንቻ ሲታዘዝ ግን ያው 50 ፐርሰንቱ ሳይበረዝ በእያንዳንዱ መቀመጫ 5 ግራም ይሰጣል። መንገዱ ካልተጻፈ ደውለሽ ጠይቂ እንጂ አትገምቺ።

ፋርማሲ፣ ደብረ ማርቆስ፦ አንድ አምፑል 5 ግራም ነው፤ «ከአምፑሉ 2 ሚሊ አስቀሪ» ብንላት አይቀልም?

ሲስተር፦ ባለ 10 ሚሊው ከሆነ እውነትህን ነው። ባለ 2 ሚሊውም አለ፤ እሱ 1 ግራም ብቻ ነው። ፐርሰንቱንም ሚሊውንም አንብቡ ያልኩት ለዚህ ነው።

ከፍኖተ ሰላም፦ ስሟን ስጠራት «አቤት» ካለች አይበቃም?

ሲስተር፦ አይበቃም። ተንቀጥቅጣ የነቃች እናት ደንዝዛለች፤ በማንም ስም ብትጠሪያት አቤት ትላለች። «ሙሉ ስምሽ ማን ነው?» ብለሽ ራሷ ከነአባቷ ከነአያቷ ትንገርሽ፤ ከዚያ ከካርድ ቁጥሩ ጋር አስተያዪ። እኛ ጎጃም አንድ ክፍል ውስጥ ሁለት የሺ ተኝተው ይገኛሉ፤ አስታማሚም በክርስትና ስሟ ይጠራታል። የአልጋ ቁጥር መለያ አይደለም፣ አልጋ ይቀየራል። መናገር ካልቻለች አስታማሚዋን ሙሉ ስሟን ጠይቂና ከካርዱ ጋር አመሳክሪ።

ከዳንግላ፦ እናቴ የግፊት ኪኒኗን ጠዋት ትውሰድ ማታ?

ሲስተር፦ ያዘዘላትን ሐኪም ጠይቅ።

ከሞጣ፦ በጡንቻ ከወጋኋት 4 ሰዓት ከሞላ ቀጣዩን 5 ግራም እወጋለሁ አይደል?

ሲስተር፦ ሰዓት ብቻውን አይፈቅድልሽም! እስትንፋሷን ሙሉ ደቂቃ ቁጠሪ፣ ከ16 አይነስ። ጉልበቷን በመዶሻ ስትመቺ እግሯ ይወርወር። ሽንቷ በሰዓት ከ30 ሚሊ አይነስ፤ ማግኒዥየም የሚወጣው በኩላሊት ስለሆነ ሽንት ሲቀንስ ይጠራቀማል። ሲበዛባት መጀመሪያ የጉልበቱ ምላሽ ይጠፋል፣ ቀጥሎ እስትንፋስ ይደክማል። አንዱ ከጎደለ አትስጪ፣ ሐኪም ጥሪ። እስትንፋስ ከቆመ በአምቡ ባግ እየረዳችሁ የ10 ፐርሰንት ካልሲየም ግሉኮኔት 10 ሚሊ ቀስ ብሎ በደም ሥር ይሰጣል። አልጋዋ አጠገብ ይቀመጥ፣ ስቶር ውስጥ ተቆልፎ አይደለም።

አዋላጅ ከቡሬ፦ ሌሊት ብቻዬን ነኝ፤ ስሌቱን ማን ያየልኛል?

ሲስተር፦ መጀመሪያ ወረቀት ላይ አስዪ። ከቀዳሽ በኋላ ሲሪንጁ ላይ ካለው ሚሊ ተነስተሽ ወደ ግራም መልሰሽ አስዪው።

ፋርማሲ፣ ደብረ ማርቆስ፦ ይሄ ሁለተኛ ምርመራ አይባልም፤ የተሳሳተው ሰው ስህተቱን ይደግመዋል። ስልክ ደውላ ለሌላ ሰው አምፑሉን ታንብብለት።

ሲስተር፦ የሚያነሳ ካገኘች ትደውል። እናትየዋ እየተንቀጠቀጠች ግን ስልክ አትጠብቅም።

ፋርማሲ፦ አልስማማም፤ ስልኩ አንድ ደቂቃ አይፈጅም።