ጉንፋኑ ለቆ ድምፅ ሳይመለስ ሲቀር፦ እስከ መቼ ይጠበቃል?

ጉንፋን ሲይዘን ድምፃችን መዘጋቱ የተለመደ ነው። ንፍጡ ይቆማል፣ ትኩሳቱ ይወርዳል፣ ሳሉም ይቀንሳል። ድምፁ ግን እንደሻከረ ይቀራል። ከዚያ «ዛሬ ነገ ይሻለኛል» እያልን ሳምንታት ያልፋሉ።

እዚህ ሜሪላንድ ውስጥ በአንገት በላይ ክሊኒክ ለብዙ ዓመታት በነርስነት ሠርቻለሁ። የአገሬ ሰዎች በዚህ ጉዳይ ሲመጡ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ዓይነት ናቸው። አንዳንዱ ገና በሦስተኛው ቀን አንቲባዮቲክ ይጻፍልኝ ይላል። ሌላው ደግሞ ሦስት ወር ሙሉ ዝንጅብልና ማር ሲጠጣ ከርሞ፣ ቤተሰቡ ጨቅጭቆት ይመጣል። የመጀመሪያው የማይጠቅመውን መድኃኒት ይፈልጋል፣ ሁለተኛው ደግሞ መታየት በነበረበት ጊዜ አልታየም። የበለጠ የሚያሳስበኝ ሁለተኛው ነው።

ልትይዙት የሚገባው ቁጥር 4 ሳምንት ነው። የጉንፋን የድምፅ መዘጋት አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት ይሻሻላል፣ አንዳንዱ ሦስተኛውን ሳምንት ይነካል። የአሜሪካ የአንገት በላይ ሐኪሞች መመሪያም በ4 ሳምንት ያልተመለሰ ድምፅ ካለ ማንቁርቱ በካሜራ ይታይ ይላል። አደገኛ ነገር የሚያስጠረጥር ምልክት ካለ ደግሞ 4 ሳምንቱም አይጠበቅም። እንግሊዝ አገር ያላችሁ ደግሞ ይህን እወቁ፦ ዕድሜው 45 እና ከዚያ በላይ የሆነና ምክንያቱ ያልታወቀ የድምፅ መሻከር የቆየበት ሰው፣ የቤተሰብ ሐኪሙ በአስቸኳይ የካንሰር ምርመራ መስመር ስለ መላክ ሊያስብበት ይገባል። ስለዚህ ድምፃችሁ የተዘጋበትን ቀን ስልካችሁ ላይ ጻፉት። በኋላ «ቆይቷል» ከማለት «አምስት ሳምንት ሆኖኛል» ማለት ሐኪሙ ዘንድ ሌላ ክብደት አለው።

ድምፅ ለምን እንደሚዘጋ ትንሽ ላስረዳ። ማንቁርታችን ውስጥ ሁለት የድምፅ አውታሮች አሉ። ስንናገር እየተገናኙና እየተለያዩ ይርገበገባሉ፣ ወንድ ላይ በሴኮንድ መቶ ጊዜ ያህል፣ ሴት ላይ ሁለት መቶ ጊዜ ያህል። ጉንፋን ሲይዝ ያብጣሉ። ውሃ እንደጠጣ ጋቢ ይከብዳሉ፣ እንደ ልብ አይርገበገቡም፣ በደንብም አይገጥሙም። እኛ ግን ሥራ አለን፣ ልጆች አሉን፣ ስልክ አለን። ስለዚህ የአንገታችንን ጡንቻ ጨምቀን ድምፁን በግድ እናወጣዋለን። ችግሩ እብጠቱ ከወረደ በኋላም ጡንቻው መጭመቁን ላይተው ይችላል። ጉንፋኑ ይሄድና ልማዱ ይቀራል። ከጉንፋን በኋላ ለሳምንታት የሚቆይ ቀላል የድምፅ ድካም የምንለው በአብዛኛው ይሄ ነው።

አንዲት እህታችንን ላንሳ፣ እንዳትታወቅ ዝርዝሩን ቀይሬዋለሁ። ዕድሜዋ ወደ አርባ ይጠጋል። ቀን ሕፃናት መዋያ ትሠራለች፣ እሑድ መዘምራን ናት፣ ማታ ማታ ደግሞ አዲስ አበባ ካሉት ቤተሰቦቿ ጋር መስመሩ እየተቆራረጠ ጮክ ብላ ታወራለች። በታኅሣሥ ጉንፋን ያዛት፣ በሦስተኛው ቀን ድምፅዋ ጠፋ፣ ሥራ ግን አልቀረችም። ሕፃናቱን በሹክሹክታ ታናግራለች፣ ጉሮሮዋ ላይ የሆነ ነገር ያለ ስለሚመስላት ደግሞ በየደቂቃው «እህህ» እያለች ትጠርገዋለች። አምስተኛው ሳምንት ላይ መጣች። ስንጠይቃት ጠዋት ደህና እንደሆነች፣ አመሻሽ ላይ ድምፅዋ እንደሚሰበር፣ እረፍት በሆነችበት ቀን እንደሚሻላት፣ እሑድ ከዘመረች በኋላ ደግሞ እንደሚብስባት ነገረችን። አታጨስም፣ ስትውጥ አያማትም፣ ክብደትም አልቀነሰችም።

በካሜራ ሲታይ ሁለቱም አውታሮች እኩል ይንቀሳቀሳሉ። ጠርዛቸው ትንሽ ቀላ ብሏል፣ ሌላ የበቀለ ነገር የለም። ስትናገር ግን ከአውታሮቹ በላይ ያለው ሥጋ ተጨማድዶ ይዘጋባቸዋል። መድኃኒት አልታዘዘላትም። የተላከችው ስፒች ቴራፒስት ጋ ነው፣ በሳምንት አንድ ቀን። መጀመሪያ የተከለከለችው ሹክሹክታና ጉሮሮ መጥረግ ነበር። ብዙ ሰው ሹክሹክታ ድምፅ የሚያሳርፍ ይመስለዋል፣ ብዙዎች ላይ ግን አንገቱን የባሰ ያስጨንቀዋል። በለስላሳና በተለመደ ድምፅ አጠር አድርጎ ማውራት ይሻላል። መጥረግ ሲያምራችሁ ደግሞ አንድ ጉንጭ ውሃ ዋጡ።

ቤት የምትሠራው መልመጃ ደግሞ ቀላል ነው። ብርጭቆ ላይ ግማሽ ድረስ ውሃ ታደርጋለች፣ የስትሮውን ጫፍ ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ውሃው ውስጥ ትከታለች፣ ከዚያ በስትሮው «ኡ» የሚል ድምፅ እያሰማች አረፋ ታስነሳለች። ትንፋሿ እስኪያልቅ ሳትጨነቅ፣ ለጥቂት ደቂቃ፣ በቀን ደጋግማ። አንገቷ ከተወጠረ ታቆማለች። በሁለት ወር ውስጥ ወደ መዝሙሯ ተመለሰች።

እዚህ ታሪክ ውስጥ የምወደው ጥያቄ አለ፦ ድምፃችሁ ደህና የሚሆንበት ቀን አለ ወይ? የደከመ ድምፅ ይለዋወጣል። ስታሳርፉት ይመለሳል፣ ስትለፉበት ይጠፋል። ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ሻካራ የሆነ፣ ወይም ከሳምንት ሳምንት እየባሰ የሚሄድ ድምፅ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ጥያቄው ምርመራን አይተካም፣ ማን መቸኮል እንዳለበት ግን ይጠቁማል። ደህና ቀን ቢኖራችሁም 4 ሳምንት ካለፈ ታዩ።

አንድ ወንድማችን ነበር፣ ስልሳ ሊሞላው የቀረበ፣ ሲጋራ ካቆመ ቆይቷል። እሱም በጉንፋን ነው የጀመረው፣ ስለዚህ ሁሉን በጉንፋኑ አሳበበ። ለሁለት ወር ያህል ድምፁ አንድም ቀን አልጠራም። «ምንም እኮ አያመኝም» እያለ ቆየ፣ ሰውን የሚያዘናጋው ይሄ አባባል ነው። የድምፅ አውታር ካንሰር ሲጀምር አብዛኛውን ጊዜ አያምም፣ ምልክቱ የድምፅ መሻከር ብቻ ሊሆን ይችላል። አንዱ አውታሩ ላይ ነጭ ሻካራ ነገር ታየ፣ ናሙና ተወሰደ፣ ካንሰር ሆነ። ደግነቱ ገና አልተሰራጨም ነበር። ለሳምንታት የጨረር ሕክምና አደረገ፣ ዛሬ ይናገራል። አውታሩ ላይ ትንሽ እብጠት እንኳ ድምፅ ስለሚቀይር ይህ ካንሰር ቶሎ ራሱን ያጋልጣል፣ ቶሎ ከተያዘ ደግሞ አብዛኛው ሰው ይድናል። ከዘገየ ግን ማንቁርቱን እስከ ማውጣት ሊደርስ ይችላል።

ታዲያ 4 ሳምንት ሳትጠብቁ ቶሎ የምትሄዱት መቼ ነው? የምታጨሱ ወይም ታጨሱ የነበራችሁ ከሆነ፣ ሺሻም ይቆጠራል። አንገታችሁ ላይ እብጠት ከወጣ። መዋጥ ካመማችሁ ወይም ምግብ ከተቀረቀረባችሁ። አክታችሁ ላይ ደም ካያችሁ። ያለ ምክንያት ክብደት ከቀነሳችሁ። ሐኪም ጆሯችሁን አይቶ ደህና ነው እያለ በአንድ በኩል የማይለቅ የጆሮ ሕመም ካለ፣ ምክንያቱም የጉሮሮ ሕመም በነርቭ በኩል ጆሮ ላይ ሊሰማ ይችላል። እየዘመራችሁ ወይም እየጮሃችሁ ድምፃችሁ በአንዴ ቀጥ ካለ ደግሞ አውታሩ ላይ ደም ፈሶ ሊሆን ይችላል፣ ዝም በሉና በቀናት ውስጥ ታዩ።

እኛን በተለይ የሚመለከቱ ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው እንቅርት ነው። እንቅርት ያለባችሁ፣ ወይም በቅርቡ አገር ቤት ሄዳችሁ ያስወጣችሁ፣ ይህን ለሐኪሙ ሳትነግሩ አትውጡ። አውታሩን የሚያንቀሳቅሰው ነርቭ የሚያልፈው በእንቅርቱ ሥር ነው፣ ስለዚህ ከተነካ አንዱ አውታር መንቀሳቀስ ያቆማል። ሁለተኛው ነቀርሳ ነው። ከሁለት ሳምንት በላይ የቆየ ሳል፣ የሌሊት ላብና የክብደት መቀነስ ከድምፅ መሻከር ጋር ከመጣ፣ ኢትዮጵያ ተወልዳችሁ እንዳደጋችሁ ንገሯቸው። ነቀርሳ ማንቁርትንም ይይዛል፣ እዚህ ያለ ሐኪም ግን ቶሎ ላያስበው ይችላል።

አየር ስትስቡ ድምፅ የሚያሰማ ከሆነ፣ ትንፋሽ ካጠራችሁ ወይም ምራቃችሁን መዋጥ ካቃታችሁ ቀጠሮ አይጠበቅም። አሜሪካ 911፣ አውሮፓ 112 ይደወላል።

ስለ መድኃኒቱም ልናገር። በሻንጣ የመጣው አሞክሳሲሊን ለዚህ አይሆንም፣ ጉንፋን የቫይረስ በሽታ ነው። ዝንጅብሉ፣ ማሩ፣ ዳማከሴው ጉሮሮ ያለሰልሳል፣ ሳልም ያስታግሳል፣ አልከለክልም። ግን የሚዋጥ ነገር የሚወርደው በምግብ ቧንቧ እንጂ አውታሮቹን ነክቶ አይደለም። አውታሩን የሚነካው የምትተነፍሱት አየር ነው። ስለዚህ በክረምት ማሞቂያ የደረቀውን ቤት አርጥቡ፣ ሻወር ውስጥ እንፋሎት ተንፍሱ፣ የፈላ ውሃ ላይ መደፋት ግን ያቃጥላል። መስኮት ተዘግቶ ዕጣን ማጨስና ቁሌት ማቁላላት ለዚህ ሰሞን ይቅር። ቡናውን በልክ ጠጡ፣ ጭሱ ነው የሚጎዳው። ቃር ያለባችሁ፣ በተለይ ከጾም በኋላ በውድቅት በልታችሁ የምትተኙ፣ ከመኝታ በፊት ሦስት ሰዓት ያህል ስጡት። የአስም መርጪያ የምትጠቀሙ ደግሞ ከተጠቀማችሁ በኋላ አፋችሁን ተጉመጥመጡ፣ አንዳንዱ ራሱ ድምፅ ያሻክራል።

ሐኪም ጋ ስትሄዱ «ጉሮሮዬን አመመኝ» ብቻ ካላችሁ ጉሮሯችሁን በባትሪ አይቶ ሊሸኛችሁ ይችላል። በባትሪ ደግሞ አውታሩ አይታይም። ድምፄ ተቀይሯል፣ ይሄን ያህል ሳምንት ሆኖታል፣ ማንቁርቴ ይታይልኝ በሉ። አውታሩ ሳይታይ ስቴሮይድ ወይም ሲቲ ስካን ከታዘዘላችሁ መጀመሪያ ለምን እንደማይታይ ጠይቁ። አሜሪካ አንዳንዱ ኢንሹራንስ የቤተሰብ ሐኪሙን ሪፈራል ይጠይቃል፣ አንዳንዱ በቀጥታ ያስኬዳል፣ ካርዳችሁ ጀርባ ያለው ስልክ ላይ ደውላችሁ አጣሩ። አስተርጓሚም በነፃ ጠይቁ፣ ልጃችሁን አስተርጓሚ አታድርጉት።

ምርመራው ራሱ አያስፈራም። አፍንጫ ውስጥ ማደንዘዣ ይረጫል፣ ቀጭን ካሜራ በአፍንጫ ይገባል፣ «ኢ» በሉ ትባላላችሁ፣ በጥቂት ደቂቃ ያልቃል። አይቆረጥም፣ አያስተኛም፣ ራሳችሁ መኪና ነድታችሁ ትመለሳላችሁ። ድንዛዜው እስኪለቅ አንድ ሰዓት ያህል ምግብና ትኩስ ነገር አትቅመሱ። ቀጠሮ ለማግኘት ግን ሳምንታት ሊፈጅ ይችላል፣ ስለዚህ ሦስተኛው ሳምንት ላይ ለውጥ ካላያችሁ ያኔውኑ ደውሉ። ድምፃችሁ በመሃል ከተመለሰ ቀጠሮው ይሰረዛል።