ጥያቄና መልስ፦ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ የሚያነቃን ነገር

ሲስተር፦ ዛሬ ማታ እስከ 4 ሰዓት አለሁ። ስትጠይቁ ዕድሜ፣ የወር አበባ ሁኔታና የምትወስዱት መድኃኒት ይጻፍ። ያለዚያ ግምት ነው የሚሆነው።

የኮዬ ፈጬዋ መምህርት፦ 47 ዓመቴ ነው፣ መድኃኒት አልወስድም። ማታ 4 ሰዓት ላይ እተኛለሁ፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ላብ በላብ ሆኜ እነቃለሁ። ከዚያ እንቅልፍ የለም። 11 ሰዓት ተኩል ላይ አውቶቡስ ሰልፍ ላይ ነኝ። ክፍል ስገባ ሦስት ዓመት ያስተማርኩት ልጅ ስም ይጠፋብኛል። የወር አበባዬ በየ3 ሳምንቱ ነው፣ ብዙ ነው፣ ይረጋል። የመርሳት በሽታ ይሆን?

ሲስተር፦ አይመስለኝም እህቴ። ስሙ ይጠፋብሽና ቤት ስትገቢ ድንገት ብቅ ይላል አይደል? እኔን የሚያሳስበኝ የለመድሽው መንገድ ሲጠፋሽ ወይም አንቺ ሳታውቂው የቤት ሰው ሲያስተውለው ነው።

በዚህ ዕድሜ፣ ማረጥ ሲቃረብ፣ የሴት ሆርሞኑ ኤስትሮጅን ቀስ እያለ አይወርድም። አንድ ወር ያሻቅባል፣ በሚቀጥለው ዘጭ ይላል። አንጎል ውስጥ የሰውነትን ሙቀት የሚቆጣጠረው ክፍል ያኔ ይረበሻል፣ ትንሽ ሙቀት ሲጨምር ሰውነት የጋለ ይመስለዋል። ላቡ ከዚያ ነው። እንቅልፍ የሚያረጋጋው ፕሮጄስትሮንም እንቁላል ባልወጣበት ወር ያንሳል። እንቅልፉ ሲቆራረጥ ደግሞ ቀን የተማርሽውን አንጎል በደንብ አያስቀምጥም። አሜሪካ ውስጥ ሴቶችን ለዓመታት የተከታተለ ትልቅ ጥናት በዚህ የሽግግር ጊዜ አዲስ ነገር መያዝ እንደሚያዘግምና ካረጡ በኋላ እንደሚመለስ አሳይቷል። ስለዚህ አትደንግጪ።

ግን ሁሉንም በሆርሞን አታላክኪ። ብዙ የሚፈስና የሚረጋ ደም ብረት ያሟጥጣል። እዚህ ቱሉ ዲምቱ አካባቢ የምትኖር የ46 ዓመት እናት መጥታ ነበር፣ ልክ እንደ አንቺ። ሌላ ቦታ ሄሞግሎቢኗ 12.1 ስለሆነ «ደም አለሽ» ተብላ ተመልሳለች። ወረቀቱ ላይ ደህና ይመስላል። እኛ ግን ከ2,000 ሜትር በላይ ነው የምንኖረው፣ እዚህ ከፍታ ላይ ሄሞግሎቢን ከዚያ መብለጥ አለበት። ፌሪቲን ስናሠራላት 9 ሆነ። ፌሪቲን የብረት ጎተራ ነው፣ ከ30 በታች ሲሆን ጎተራው ባዶ ነው። ማታ እግሯን የሚያቅበጠብጣት፣ ተኝታ እግሯን ማንቀሳቀስ ግድ የሚላት ለካ ከዚህ ነበር።

የብረት ክኒን ተሰጣት፣ በአንድ ቀን ልዩነት፣ ጠዋት በባዶ ሆድ። ሻይና ቡና ከክኒኑ በኋላ ቢያንስ አንድ ሰዓት ይቆይ፣ ብረቱን ያስቀሩታል። በ3 ወሯ ፌሪቲኑ ተደገመ፣ 38 ሆኗል። እግሯ ተረጋጋ፣ ድንዛዜውም ቀለለ። የሌሊት ላቡ ግን እንዳለ ነው፣ ስለዚህ ስለ ሆርሞን ሕክምና ከሐኪም ጋር መነጋገር ጀምራለች።

አንቺ ሄሞግሎቢን፣ ፌሪቲንና የታይሮይድ ምርመራውን ቲኤስኤች አሠሪ። ታይሮይድም እንዲሁ ነው የሚያደርገው፣ እኛ አገር እንቅርቱ ብዙ ነው። ደሙ ለምን እንደበዛም ማኅፀንሽ ይታይ። ልብሽ ቢደክም ወይም ቢያዞርሽ ሳትቆዪ ሂጂ። ብረትም ሳትመረመሪ አትጀምሪ።

የአያቱ ፋርማሲስት፦ ሲስተር፣ ቀላሉ ኤፍኤስኤች የሚባለውን የሆርሞን ምርመራ ማሠራት ነው። ከፍ ካለ ማረጥ ነው፣ ካልሆነ አይደለም።

ሲስተር፦ ወንድሜ፣ ከፍ ይላል የሚለው ልክ ነው። ግን በዚህ ጊዜ ዛሬ ከፍ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ዝቅ ነው። ከ45 ዓመት በኋላ ምልክቱና የወር አበባው ይበቃሉ። ገንዘቧን ለፌሪቲን ታድርገው።

የለገጣፎዋ፦ እንቅልፍ እምቢ ብሎኛል፣ ምን ልውሰድ?

ሲስተር፦ ዕድሜ? የወር አበባ? መድኃኒት? ከላይ ጽፌያለሁ።

የለገጣፎዋ፦ 50። የወር አበባዬ አልፎ አልፎ ነው። ጎረቤቴ ቫሊየም ሰጥታኛለች፣ አንድ ወር ተኩል ሆነኝ። ግን ጠዋት ላይ ጭንቅላቴ ጭጋግ ነው።

ሲስተር፦ ጭጋጉ ከክኒኑም ነው እኮ! ቫሊየም እንቅልፍ ያመጣል፣ ትዝታንም ያደበዝዛል፣ ሌሊት ለሽንት ስትነሺ ያስወድቃል። በጎረቤት ክኒን አትተኙ፣ ስንት ጊዜ ልበል። አንቺ ግን በአንድ ቀን አታቋርጪው፣ ወር ከተወሰደ በኋላ ድንገት መተው አደገኛ ነው። ሐኪም በጥቂት በጥቂቱ ያስቀንስሽ።

የሱሉልታዋ፦ ከምሳ በኋላ ቡና ተዉ፣ ሁላችሁም ትተኛላችሁ። እኔ ትቼ ዳንኩ።

ቡና ወዳዷ፦ እናቴ እስከ በረካ ጠጥታ እንደ ሕፃን ነው የምትተኛው። ቡና ሁሌም ይወቀሳል!

የሱሉልታዋ፦ የእናትሽ ዕድሜ ስንት ነው? ያደጉት በሌላ አየር ነው።

ቡና ወዳዷ፦ አየሩ ምን አገናኘው? አቦሉን ጠጥቼ እተኛለሁ እኔም።

ሲስተር፦ ሁለታችሁም ተዉት። ካፌይኑ ከጠጣሽ 5 ሰዓት ገደማ ቆይቶ እንኳ ግማሹ ደም ውስጥ አለ፣ ከሰው ሰው ይለያያል። አንቺ መምህርት፣ ከቀኑ 8 ሰዓት በኋላ ቡና ለሁለት ሳምንት ተዪና እዪው። የተኛሽበትን፣ የነቃሽበትን፣ ላቡንና ደሙን ደብተር ላይ ጻፊ። ሐኪም ጋ ስትሄጂ ያ ደብተር ከብዙ ወሬ ይሻላል።

የጀሞ አባት፦ ለባለቤቴ ነው የምጠይቀው፣ 52 ናት፣ ወር አበባ ከቆመ ዓመት አልፏል። የማትተኛው እኔ ስላንኮራፋሁ ነው ትላለች። የወንድ ሆርሞንም ይቀንሳል ይባላል፣ የሆርሞን መርፌውን ልውሰድ?

ሲስተር፦ ጋሼ፣ ጥያቄው የእርስዎ ሆነ እኮ። ሲያንኮራፉ ትንፋሽዎ ይቆማል? ባለቤትዎን ይጠይቁ። ከቆመ ሕክምናው ለዚያ ነው፣ ቴስቶስትሮኑም በዚያ ሊወርድ ይችላል። መርፌውን ያለ ምርመራ አይጀምሩ። እሷም ብትሆን ካረጡ በኋላ የእንቅልፍ ትንፋሽ መቆም ይበዛል፣ ማንኮራፋቷን እርስዎም ያዳምጡ።

የቡራዩዋ፦ ሆርሞን ካንሰር ያመጣል ብለውኛል። አእምሮን ያድናል የሚሉም አሉ። የቱን ልመን?

ሲስተር፦ ሁለቱም ተጋንኗል። ለሌሊት ላቡ ከሁሉ የተሻለ መድኃኒት ሆርሞን ነው፣ ላቡ ሲቀር እንቅልፉ ይመለሳል። ኤስትሮጅን ብቻውን ግን ማኅፀን ላላት ሴት አይሰጥም፣ የማኅፀን ግድግዳ ካንሰር ሊያመጣ ይችላል፣ ፕሮጄስትሮን አብሮ ይሰጣል። የጡት ካንሰር ወይም ደም መርጋት የነበረባት አትወስደውም። ከተቀናጀው ሕክምና ጋር የጡት ካንሰር አደጋ ትንሽ ይጨምራል፣ ከዓመታት ጋር እያደገ ይሄዳል። ዕድሜ ከ60 በታች ሆኖ ወይም ካረጡ ከ10 ዓመት በታች ሲጀመር ሚዛኑ ብዙ ጊዜ ይሻላል። ለማስታወስ ብቻ ብሎ መውሰድ ግን አልመክርም፣ ያ ገና ክርክር ላይ ነው።

የቡራዩዋ፦ ተልባስ?

ሲስተር፦ ጠጪው፣ ለሆድ ድርቀት ጥሩ ነው። ላቡን ያጠፋል ብዬ ግን አልምልም።

የአቃቂዋ፦ እኔ 53 ነኝ፣ የወር አበባዬ ከቆመ 14 ወር ሆኖታል። ትናንት ትንሽ ደም ታየኝ። ተመልሶ መጣ ብዬ ደስ አለኝ። እንቅልፌም ትንሽ ተሻሽሏል።

ሲስተር፦ አልተመለሰም። አንድ ዓመት ከቆመ በኋላ የሚታይ ደም፣ ጠብታም ቢሆን፣ ማኅፀን መታየት አለበት። ብዙ ጊዜ ቀላል ነገር ነው፣ ካንሰርም ሊሆን ስለሚችል ግን አይታለፍም። ነገ ጠዋት ሂጂ። ፎጣው ላይ ያየሽውን መጠንና ቀለም ለሐኪሙ ንገሪው። ሌላ ጥያቄ ካለሽ ከተመረመርሽ በኋላ ጻፊልኝ።